ማወቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ

አንድ ቋንቋ «ሊጠፋ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስንት ተናጋሪ እንደቀረው ነው። ዩኔስኮ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ ግን ከዘጠኝ መመዘኛዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጠው ቋንቋው ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፉን ነው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ሲናገሩት 5 ይሰጠዋል፤ ወላጆች ይዘውት ልጆች ሲተዉት ወደ 3 ይወርዳል፤ አያቶች ብቻ ሲቀሩ 2 ይሆናል። የዘጠኙን ነጥብ ደምሮ አንድ ውጤት ማውጣት እንደማይገባም ባለሙያዎቹ አስጠንቅቀዋል።

ይህ ቋንቋው የት እንደደረሰ ይነግራል። ለማዳን የተደረገው ጥረት ፍሬ ማፍራቱን ለማወቅ ግን በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ባስኮች ያገኙትን ዘዴ የሚያህል አላየሁም። በፍራንኮ ዘመን ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ተገፍቶ የነበረው ባስክኛ ዛሬ የትምህርት ቋንቋ ነው። በመጠይቅ እንደተረጋገጠው፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል አቀላጥፈው የሚናገሩት በ1991 ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ከ28 አልፈዋል።

ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰውና የሚያደርገው ይለያያል። ስለዚህ ከ1989 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ታዛቢዎች በየከተማው ጎዳና ይሰማራሉ። ማንንም አይጠይቁም። ባጠገባቸው የሚያልፉ ሰዎች በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ሰምተው፣ ዕድሜያቸውን በግምት መዝግበው፣ ልጅ አብሯቸው መኖሩን አስተውለው ይሄዳሉ። በ1989 ባስክኛ ሲናገሩ የተሰሙት ከመቶ 11 ያህል ነበሩ፤ በ2016 ከ13 ትንሽ ያንሱ ነበር። ዐዋቂው ሲበዛ ጎዳናው ብዙም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ «ከሸፈ» ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ግን ስሌቱን እንየው። ሁለት ሰዎች በባስክኛ እንዲያወሩ ሁለቱም ማወቅ አለባቸው። ከመቶ 28 የሚያውቁት ሰዎች በዕጣ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ዐዋቂ የሚሆኑበት ዕድል 0.28 በ0.28 ሲባዛ ከመቶ 8 ገደማ ነው። ሦስት ከሆኑማ ወደ 2 ይወርዳል። እንግዲህ ወደ 13 የተጠጋው ቁጥር ዐዋቂዎቹ እየተፈላለጉ እንደሚያወሩት ያሳያል እንጂ መተዋቸውን አያሳይም።

ዘዴው ጉድለት አለበት፦ ቤት ውስጥ የሚነገረው አይሰማም፣ ቱሪስቱም አብሮ ይቆጠራል። ሆኖም መጠይቅ የማይነግረንን አንድ ነገር አሳይቷል። ባስክኛ በጎዳና ላይ ጎልቶ የሚሰማው ልጆች ባሉበት ጨዋታ ነው። ትልልቆች ብቻቸውን ሲሆኑ ወደ ስፓኒሽ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ያዘነብላሉ።