ከማትሪክስ የሚወለደው የፊቦናቺ ቀመር

ፊቦናቺ በሚል ስም የሚታወቀው የፒዛው ሊዮናርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው «ሊበር አባቺ» መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥንቸሎች መራባት አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ጥያቄ የመነጩትን ቁጥሮች ዛሬ 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21 እያልን እንጽፋቸዋለን። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ደንቡ ቀላል ቢሆንም፣ ሺኛውን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ከእርሱ በፊት ያሉትን ሁሉ እየደመረ መሄድ ያለበት ይመስላል። በቀጥታ ወደ ተፈለገው ቁጥር የሚያደርስ ቀመር ግን አለ፤ የሚገኘውም ከአንድ ትንሽ ማትሪክስ ነው።

መነሻው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማየት ነው። አሁን በእጃችን ያለው ጥንድ (8፣ 5) ነው እንበል። ቀጣዩ ጥንድ (13፣ 8) ይሆናል፤ የመጀመሪያው የሁለቱ ድምር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀድሞው የመጀመሪያ ቁጥር ነው። ይህን እርምጃ የሚሠራው ኮምፓኒየን ማትሪክስ የሚባለው ሰንጠረዥ ነው፦

```
[1 1]
[1 0]
```

የላይኛው ረድፍ «ሁለቱን ደምር» ይላል፤ የታችኛው «የመጀመሪያውን ወደ ታች አውርድ» ይላል። ከ(1፣ 0) ተነስተን ይህን ማትሪክስ n ጊዜ ብናባዛ፣ ከሚገኘው ጥንድ ሁለተኛው ቁጥር F(n) ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። እርምጃው ሲፈጸም ሁለቱም ቁጥሮቹ በአንድ በተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚባዙበት ጥንድ ይኖር ይሆን? ያን ማባዣ λ እንበለው፤ በሒሳብ ቋንቋ አይገንቫልዩ ይባላል። የጥንዱን ሁለተኛ ቁጥር 1 ብናደርገው፣ ከእርምጃው በኋላ በቦታው የሚተካው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ይህ ምትክ ደግሞ λ እጥፍ መሆን ስላለበት፣ የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ λ ነው። ስለዚህ ጥንዱ (λ፣ 1) ነው። በላይኛው ቦታ የሚገኘው ድምር λ + 1 ነው፤ እርሱም የλ λ እጥፍ መሆን አለበት፦

λ² = λ + 1

ይህ ኳድራቲክ እኩልዮሽ ሁለት መልስ አለው። አንዱ φ = (1 + √5)/2 ነው፤ ወደ 1.618 ይጠጋል፤ ወርቃማው ምጣኔ የሚባለውም እርሱ ነው። ሌላው ψ = (1 − √5)/2 ሲሆን ወደ −0.618 ይጠጋል።

የቀረው መነሻችንን (1፣ 0) በእነዚህ ሁለት ጥንዶች መግለጽ ነው። (φ፣ 1) ላይ (ψ፣ 1) ሲቀነስ የሚገኘው (√5፣ 0) ነው። ይህን ለ√5 ብናካፍል (1፣ 0) እናገኛለን። ከn እርምጃ በኋላ የመጀመሪያው ጥንድ በφⁿ፣ ሁለተኛው በψⁿ ይባዛል፤ ስለዚህ፦

F(n) = (φⁿ − ψⁿ)/√5

ቀመሩ የቢኔ ቀመር ተብሎ ይጠራል፤ ፈረንሳዊው ዣክ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1843 አሳትሞታል። አብራሃም ደ ሟቭር ግን ከእርሱ ከመቶ ዓመት በፊት ያውቀው ነበር።

በ10 እንፈትነው። φ¹⁰ ወደ 122.99187፣ ψ¹⁰ ወደ 0.00813 ነው። ልዩነታቸው 122.98374 ለ2.236068 ሲካፈል 55 ይሆናል፤ በእርግጥም አሥረኛው ቁጥር 55 ነው። ψ በ−1 እና በ1 መካከል ስለሆነ በተባዛ ቁጥር እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ψⁿ/√5 ገና ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ φⁿ/√5ን አስልቶ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ይበቃል። በ10 ላይ 55.0036 ይመጣል፤ መልሱ 55 ነው።

በኮምፒውተር ሲሠራ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። √5 ማለቂያ የሌለው አስርዮሽ ነው፤ ማሽኑ የሚይዝለት አሃዝ ደግሞ ውስን ነው። በተለመደው የ64 ቢት አስርዮሽ አሠራር የተጠጋጋው ቀመር እስከ 70ኛው ድረስ በትክክል ከሄደ በኋላ 71ኛው ላይ ይስታል። ትክክለኛው 308061521170129 ሲሆን ማሽኑ 308061521170130 ይላል። ስህተቱን ለማወቅ የመጨረሻውን አሃዝ ማየት በቂ ነው፤ 69ኛው በ4፣ 70ኛው በ5 ስለሚያልቁ 71ኛው የግድ በ9 ማለቅ አለበት።

ትክክለኛውን ትልቅ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ወደ ማትሪክሱ ይመለስ። በውስጡ ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ የሚጠጋጋ ነገር የለም። ማትሪክሱን በራሱ፣ ውጤቱንም እንደገና በራሱ እያባዙ ቢሄዱ፣ ከ20 ባነሱ የማትሪክስ ብዜቶች ሺኛው ላይ ይደረሳል። ቀመሩ የሚበልጠው የቁጥሮቹን አስተዳደግ ሲያሳይ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ 1.618 እጥፍ እንደሚያድጉ ስለሚነግረን፣ ሺኛው ቁጥር 209 አሃዝ እንዳለው ራሱን ቁጥሩን ሳናሰላ እናውቃለን።