ባለ አክሲዮኑ ስንት ትርፍ ይጠይቅ?

አንድ ኩባንያ በዓመት 10 በመቶ ያተርፋል ተብሎ አክሲዮኑ ለሽያጭ ቢቀርብ ይገዛል ወይስ ይተዋል? 10 በመቶ የሚለው ቁጥር ለብቻው መልስ አይሰጥም። መንግሥት ለአበዳሪዎቹ 4 በመቶ በሚከፍልበት አገር ደህና ትርፍ ነው፤ 20 በመቶ በሚከፍልበት አገር ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ገዢው የቀረበለትን ትርፍ ከማየቱ በፊት የራሱን ቁጥር መያዝ አለበት። «ይህን ያህል ካላገኘሁ ገንዘቤን አላወጣም» የሚልበትን ቁጥር ማለት ነው። የፋይናንስ ባለሙያዎች ይህን ቁጥር ለማግኘት ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት የኖሩት ስሌት ካፒታል አሴት ፕራይሲንግ ሞዴል ይባላል፤ በአጭሩ ካፕኤም።

ስሌቱን አሜሪካዊው ዊልያም ሻርፕ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በማግስቱ ዓመት ጆን ሊንትነር በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። መሠረቱን የጣለው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነበር፤ በ1952 ባወጣው ጽሑፍ ገንዘብን በብዙ አክሲዮኖች ላይ መበተን ስጋትን እንዴት እንደሚቀንስ በሒሳብ አሳይቷል። ሻርፕና ማርኮዊትዝ ከመርተን ሚለር ጋር በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

የሻርፕ ሐሳብ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን ከባድ ነው። የአንድ ኩባንያ ስጋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የራሱ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ይቃጠላል፣ ሥራ አስኪያጁ ይለቃል፣ ትልቁ ደንበኛ ወደ ተፎካካሪ ይሄዳል። የሠላሳ አርባ ኩባንያ አክሲዮን የያዘ ሰው ይህ ብዙ አያስጨንቀውም፤ እዚህ የጎደለው እዚያ ይሞላለታል። ሁለተኛው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመታል። ወለድ ሲጨምር፣ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ ነዳጅ ሲወደድ መሸሸጊያ የለም። ሻርፕ እንደሚለው ገበያው ተጨማሪ ትርፍ የሚከፍለው ለዚህ ለሁለተኛው ብቻ ነው። ምክንያቱም ለመጀመሪያው ጭማሪ የሚከፍል አክሲዮን ቢገኝ፣ ገንዘባቸውን የበተኑ ሰዎች ስጋቱ ስለማይነካቸው ይሻሙበታል፤ ዋጋውም ጭማሪው እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል።

ይህ በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
E(R) = Rf + β × (Rm − Rf)
```

Rf ምንም ስጋት የሌለበት የሚባለው ወለድ ነው፤ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የአሥር ዓመት የመንግሥት ቦንድ ይወሰዳል። Rm ከጠቅላላው የአክሲዮን ገበያ የሚጠበቀው ትርፍ ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው ልዩነት የስጋት ፕሪሚየም ይባላል፤ ሰው ቦንዱን ትቶ ወደ አክሲዮን እንዲመጣ የሚከፈለው ጭማሪ ነው። ቤታ ደግሞ ገበያው ሲንቀሳቀስ ይህ አክሲዮን በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ቤታው 1 የሆነ አክሲዮን በአማካይ ከገበያው ጋር እኩል ይሄዳል፤ 1.5 የሆነው ገበያው 10 ሲወርድ 15 ይወርዳል፤ 0.5 የሆነው 5 ብቻ።

ቤታ ከየት እንደሚመጣ በትንሽ ምሳሌ እንየው። በተለምዶ የስድሳ ወር መረጃ ይወሰዳል፤ እኛ አራት ወር ይበቃናል። ገበያው በአራቱ ወራት 2፣ −1፣ 4 እና −1 በመቶ አመጣ እንበል። አክሲዮናችን ደግሞ 0፣ −2፣ 7 እና −1 በመቶ። የሁለቱም አማካይ 1 ነው። ከየወሩ ቁጥር ላይ አማካዩን ስንቀንስ ገበያው 1፣ −2፣ 3፣ −2 ይሆናል፤ አክሲዮኑ −1፣ −3፣ 6፣ −2። አሁን በየወሩ ሁለቱን እናባዛና እንደምር፤ −1፣ 6፣ 18 እና 4 ሲደመሩ 27። ቀጥሎ የገበያውን ቁጥሮች በራሳቸው አባዝተን እንደምር፤ 1፣ 4፣ 9 እና 4 ሲደመሩ 18። 27 ለ18 ሲካፈል 1.5 ነው። ቤታው ይኸው ነው።

በኤክሴል የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በ`=SLOPE` ትእዛዝ ይጨርሰዋል፤ ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የአክሲዮኑ፣ ቀጥሎ የገበያው ቁጥሮች ይገባሉ። ቢገለባበጡ ኤክሴል ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ 0.54 ይሰጣል። ከገበያው በላይ የሚናወጠው አክሲዮን የተረጋጋ ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እናስገባ። የመንግሥት ቦንዱ 4.5 በመቶ፣ ፕሪሚየሙ 5 በመቶ ነው ብለን እንያዝ። 1.5 በ5 ሲባዛ 7.5፣ ከ4.5 ጋር ሲደመር 12 በመቶ። ይህ አክሲዮን ከ12 በመቶ በታች የሚያስገኝ ከሆነ ለስጋቱ የሚገባውን አልከፈለም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳቱት ቤታን በፕሪሚየሙ ፋንታ በጠቅላላው የገበያ ትርፍ በማባዛት ነው። የገበያው ትርፍ 9.5 ነውና 1.5 አባዝተው 4.5 ሲጨምሩበት 18.75 ይመጣል፤ ቦንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ጉዳቱ በዋጋ ላይ ይታያል። ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ለአንድ አክሲዮን 4 ዶላር የትርፍ ድርሻ የሚከፍል፣ ክፍያውም በየዓመቱ በ3 በመቶ የሚያድግ ቢሆን፣ በ12 በመቶ ሲሰላ አክሲዮኑ 44 ዶላር ያህል ያወጣል። በ18.75 ሲሰላ 25 ዶላር ብቻ። ስሕተቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በቤታ ቦታ 1 ማስገባት ነው፤ መልሱ ከገበያው ትርፍ ጋር እኩል ካልመጣ አሠራሩ ተበላሽቷል።

አሠራሩ ትክክል ሲሆንም ቤታው ራሱ ግምት ነው። ስድሳ ወር በተወሰደበት አክሲዮን ላይ እንኳ ቤታው በ0.4 ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን መቻሉ የተለመደ ነው። 1.5 ያልነው ከ1.1 እስከ 1.9 ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀውም ትርፍ ከ10 እስከ 14 በመቶ ይሰፋል። ስለዚህ «11.87 በመቶ» ብሎ በሁለት ነጥብ የሚጽፍ የጥናት ወረቀት ሳይ የቁጥሩን ትክክለኛነት አላምንም። ባለሙያዎች ጽንፍ የያዘ ቤታ በጊዜ ሂደት ወደ 1 እንደሚጠጋ ስላዩ፣ ከተለካው ሁለት ሦስተኛ ወስደው አንድ ሦስተኛ ይጨምሩበታል። የኛ 1.5 በዚህ መንገድ 1.33 ይሆናል፤ የሚጠየቀው ትርፍም ወደ 11 በመቶ ዝቅ ይላል። ሞዴሉ ራሱም ያለ ተቃውሞ አልኖረም። ብላክ፣ ጄንሰን እና ሾልስ በ1972 ዝቅተኛ ቤታ ያላቸው አክሲዮኖች ሞዴሉ ከሚለው በላይ እንዳተረፉ አሳይተዋል።

በአዲስ አበባ ግን ችግሩ ከዚህ በፊት ይጀምራል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ተከፈተ። ተመዝጋቢዎቹ ጥቂት፣ ታሪኩም አጭር በሆነ ገበያ ውስጥ እዚያው የሚለካ ቤታ አያስተማምንም። ይባስ ብሎ ያሳስታል። ለሳምንታት ያልተገበያየ አክሲዮን ዋጋው ባለበት ይቆያል፤ ገበያው ሲወጣና ሲወርድ እሱ አይነቃነቅም። በስሌቱ ቤታው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ወረቀቱ ላይ ከመንግሥት ቦንድ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ይታያል። አክሲዮኑ ግን የተረጋጋ ሳይሆን ገዢ ያጣ ነው። ቤታ ሲሰጣችሁ አክሲዮኑ ከተቆጠሩት ቀናት በስንቱ እንደተሸጠ ጠይቁ።

ስጋት የሌለበት ወለድም እንዲሁ ያስቸግራል። የኢትዮጵያ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ለብዙ ዓመታት ከዋጋ ንረት በታች ነበር የሚከፍለው። ያን መነሻ አድርጎ ትርፍ የሚጠይቅ ሰው ገና ሲጀምር ከስሯል። በዚህ ላይ ያን ዝቅተኛ የብር ወለድ ወስዶ የአሜሪካን ፕሪሚየም የሚደምርበት አለ፤ ብርና ዶላር በአንድ መስመር ተደመሩ ማለት ነው። ውጤቱ በየትኛውም ገንዘብ ትርጉም የለውም።

የሚሻለው ሁሉንም በዶላር ጀምሮ መጨረሻ ላይ ወደ ብር መለወጥ ነው። በሌሎች አገሮች በሰፊው የሚገበያዩ ባንኮችን አማካይ ቤታ ወስደን 0.9 ነው እንበል። በ5 ስናባዛው 4.5፣ ከቦንዱ 4.5 ጋር 9 በመቶ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዩሮ ቦንድ ወለዷን ሳትከፍል ቀርታለችና የአገር ስጋት መጨመር ግድ ነው፤ 8 በመቶ እንያዝ፣ 17 ይሆናል። ይህ ጭማሪ በሻርፕ ስሌት ውስጥ የለም፤ የተንታኙ ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ ተደብቆ ሳይሆን ለብቻው ተጽፎ መታየት አለበት። ቀጥሎ በሁለቱ የዋጋ ንረቶች ልዩነት ወደ ብር ይለወጣል። የሚጠበቀው የብር ንረት 14፣ የዶላሩ 2.5 በመቶ ቢሆን፦

```
1.17 × 1.14 / 1.025 − 1 = 0.301
```

በብር 30 በመቶ ያህል። በዶላር መልካም የሚባለው 17 በብር ወደ 30 መድረሱ ያስደነግጥ ይሆናል፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን የብሩ መርከስ ነው እንጂ ሌላ ስጋት አይደለም።

ይህ 30 በመቶ ገንዘቡን ለበተነ ገዢ የተሠራ ነው። አገራችን ውስጥ ግን አንድ ባንክ ሲመሠረት የገዛውን አክሲዮን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ሞዴሉ «አይከፈልበትም» ያለውን የመጀመሪያውን ዓይነት ስጋት ሙሉ በሙሉ የተሸከመው እሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ባለንብረት ቤታውን አክሲዮኑ ከገበያው ጋር ባለው ኮሪሌሽን ማካፈል የታወቀ ዘዴ ነው። ኮሪሌሽኑ 0.5 ቢሆን 0.9 ወደ 1.8 ይወጣል፤ በዶላር የሚጠየቀው 21.5፣ በብር 35 በመቶ ገደማ። በአንዱና በዚያው አክሲዮን ላይ ብዙ ድርሻዎችን የያዘ ተቋም 30፣ ግለሰቡ 35 በመቶ ይጠይቃሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተቋሙ ከግለሰቡ የበለጠ ዋጋ ከፍሎ ሊገዛው ይችላል፣ ግለሰቡም ሸጦ ገንዘቡን ቢበትን ያዋጣዋል።