በነፃው ትምህርት ቤት በር ላይ የተለጠፈ ክፍያ

ነሐሴ ሲጋመስ በአምበር፣ በቢቸናና በሞጣ የትምህርት ቤት በሮች ላይ የምዝገባ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ይዘቱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ ምዝገባው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ተማሪው ይዞ የሚቀርበው ማስረጃ፣ በመጨረሻም የሚከፈለው ብር። ወላጅን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ይህ የመጨረሻው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት መንግሥት እንዲሸፍን አድርጎ ነበር። ታዲያ ብሩ ለምንድን ነው?

ክፍያው ሲቀር መንግሥት በዋናነት የያዘው የመምህራንን ደመወዝ ነው። ወንበር መጠገን፣ አጥር ማጠር፣ ጥበቃ መቅጠር፣ በጭቃ የተሠራውን ክፍል ዳግም መምረግ ግን በየዓመቱ ገንዘብ ይጠይቃል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ በኩል በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች መላክ ቢጀምርም፣ ስሌቱ በአንድ ተማሪ በአሥር ቤት የሚቆጠር ብር ስለነበር ጉድለቱን አልሞላም። የቀረውን የሚሸፍነው ወላጅ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ይጠራል፣ መዋጮ ይወሰናል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በሐሳቡ መዋጮው በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ የማይችል ቤተሰብም ይታለፋል።

ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ሲሰበሰብ ነው። መዝጋቢው ስም ከመጻፉ በፊት ደረሰኝ ከጠየቀ፣ በፈቃድ የተባለው መዋጮ የመግቢያ ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ሦስት ልጆች የሚያስመዘግብ ገበሬ በነሐሴ ጎተራው ተሟጧል፤ ጤፉም ገና አረም ላይ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አንዱን አስመዝግቦ ሌሎቹን ለከርሞ ያሳድራል። በስብሰባ የተወሰነውን መዋጮ ከዘፈቀደ ክፍያ መለየት ቀላል ነው፤ ገንዘቡን የወሰነው ቃለ ጉባኤ አለ ወይ? ቁጥር ያለው ደረሰኝስ ይሰጣል ወይ? ከሌሉ ርዕሰ መምህሩን፣ ከዚያም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ እንደማምነው መዋጮው ከምዝገባው ቀን ተነጥሎ፣ እህል ተወቅቶ ገበያ ከወጣ በኋላ፣ በጥር ቢሰበሰብ አብዛኛው ጣጣ ይቀር ነበር።

ማስረጃውም የራሱ ታሪክ አለው። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ 7 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ቀድሞ ይህ የሚታወቀው ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነበር፤ ካልደረሰ «ለከርሞ ና» ይባላል። ዛሬ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ይሁንና የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የተመዘገቡት 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የክትባት ካርድ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ የሚይዝ ወላጅ ብዙ ነው።

ከባዱ ወረቀት ግን መሸኛው ነው። ከገጠር ቀበሌ 8ኛን ጨርሳ ከተማ ወጥታ 9ኛ ልትመዘገብ ያለች ልጅ እናስብ። የክልሉን ፈተና ውጤት፣ ካርዷን፣ ፎቶግራፍና ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ መሸኛ ይዛ ትቀርባለች። መሸኛውን ለማግኘት የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት መመለስ አለባት። አንዱ ጠፍቶ ካልተተካ ወይም ካልተከፈለ መሸኛው ይያዛል፤ ርዕሰ መምህሩ በክረምቱ ከቦታው ከሌለ ደግሞ ማኅተም የሚያሳርፍላት አይኖርም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቤት ኪራይና በየሳምንቱ ከቤት የሚጫን ስንቅ አለ፤ ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ትልቁ ወጪ ይህ ነው።

የመጨረሻው ቀን የሚወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል የሚተላለፈው የተማሪ ቁጥር የክፍል ድልድሉን፣ የመጽሐፉን ብዛትና ድጎማውን ይወስናል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ በቁጥሩ ውስጥ ስላልገባ መጽሐፍ ላይደርሰው ይችላል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ይህ የቀን ሥርዓት ተናግቷል። ምዝገባ ይራዘማል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይከፈታል። በ2017 ዓ.ም. ክልሉ ሊመዘግብ ካቀደው 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከትምህርት ገበታ ውጭ ቀርቷል። በ7 ዓመቱ ሊገባ የነበረ ልጅ አሁን 9 ወይም 10 ዓመት ሆኖታል፤ ሲመዘገብም ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንደኛ ክፍል ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ የወደመበት ተማሪ ደግሞ መሸኛ የሚጽፍለት ጽሕፈት ቤት የለውም። እንዲህ ያለውን ልጅ በቀበሌ ደብዳቤና በአጭር የምዘና ፈተና ተቀብሎ ወረቀቱን በኋላ ማሟላት ይቻላል፤ ማስታወቂያውም ይህን በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።