ኢኮ፣ ኖርማል፣ ስፖርት፦ ቁልፉ ምኑን ይቀይራል?

አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ከኢኮ ወደ ስፖርት መቀየር ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አይጨምርለትም። የሚለወጠው ለሾፌሩ እግርና እጅ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

በድሮ መኪኖች የነዳጅ መስጫው ፔዳል ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር በብረት ገመድ የተያያዘ ስለነበር በሩ የሚከፈተው በተረገጠበት ልክ ነው። በዛሬዎቹ ገመዱ ቀርቷል፤ ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር የእግርን እንቅስቃሴ ይለካል፣ በሩ ምን ያህል ይከፈት የሚለውን ኮምፒውተሩ ይወስናል። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ቢለያይም፣ 30 በመቶ የተረገጠ ፔዳል በኢኮ 15፣ በስፖርት 50 በመቶ ሊያስከፍት ይችላል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ግን ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስፖርት ላይ መኪናው የበረታ የሚመስለው ያው ጉልበት በትንሽ እርግጫ ስለሚመጣ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ እግርን ሳያንቀሳቅሱ ቁልፉን መቀየር ይበቃል፤ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ራሱ ከፍ ይላል።

ካምቢዮው ላይ ያለው ለውጥ ይበልጥ ይሰማል። በኢኮ አውቶማቲኩ 2,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይሸጋገራል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነዳጅ ይቆጥባል። በስፖርት ዝቅተኛውን ማርሽ 3,500 እና ከዚያ በላይ ድረስ ይዞ ይቆያል፣ ፍሬን ሲያዝም ፈጥኖ ማርሽ ያወርዳል።

ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። በኢኮ ካምቢዮው ከፍ ያለ ማርሽ ይይዛል፣ መኪናው ይዝላል፣ ሾፌሩ ጠንክሮ ይረግጣል፣ ማርሹ ይወርዳል፤ እግሩ ሲላላ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ይህ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲቀጥል ቁጠባው ይሳሳል፣ ጉዞውም ያሰለቻል። ለእንዲህ ያለ ዳገት ኖርማል ወይም ስፖርት ይሻላል፤ ኢኮ የሚመቸው ሜዳ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ለሚጓዝ ሰው ነው።

መሪውን የሚያቀልለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስፖርት ላይ የሚሰጠው እገዛ ይቀንስና መሪው ይከብዳል። ጎማው ግን በአብዛኛው ለያው የመሪ ዙር ያንኑ ያህል ይዞራል፤ ክብደቱም ከመንገዱ የመጣ አይደለም። በርካታ ርካሽ መኪኖች ላይ ቁልፉ መሪውን ጨርሶ አይነካውም።

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚቀየር ማርሽ የላቸውም። እዚያ ቁልፉ የፔዳሉን ምላሽ፣ አንዳንዴም የመሪውን ክብደትና የአየር ማቀዝቀዣውን ፍጆታ ይለውጣል።