ቀጠሮ የሌለው ውል

ቡና ላኪዎች በሚሰበሰቡበት ቢሮ ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኒውዮርክ ስንት ዋለ?» ነው። የሚጠየቀው ዋጋ የማንም መጋዘን ውስጥ ያለ ቡና ዋጋ አይደለም። ከሁለት፣ ከአራት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ለሚረከብ ቡና ዛሬ የተቆረጠ ዋጋ ነው። ከጂማ ወይም ከይርጋጨፌ የሚወጣው ቡና ራሱ በዚያ ውል አይረከብም፤ የኢትዮጵያ ቡና ከተፈቀዱት መነሻዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ሻጭና ገዢ ሲደራደሩ መነሻ የሚያደርጉት ያንኑ ዋጋ ነው፤ «ከኒውዮርክ ይህን ያህል ሳንቲም ከፍ ብሎ» ወይም «ዝቅ ብሎ» እያሉ ይስማማሉ።

እንዲህ ያለው ውል በእንግሊዝኛ ስሙ ፊውቸርስ ይባላል። የኒውዮርኩ የአረቢካ ውል መጠኑ 37,500 ፓውንድ ነው፤ 17 ቶን ግድም፣ አንድ ኮንቴይነር ከሚጭነው ትንሽ የሚያንስ። የመረከቢያ ወሮቹም የተወሰኑ ናቸው፤ መጋቢት፣ ግንቦት፣ ሐምሌ፣ መስከረምና ታኅሣሥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። መጠኑ፣ ጥራቱና ወሩ አስቀድሞ ስለተቆረጠ ተዋዋዮቹ የሚከራከሩበት አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፣ ዋጋው።

ጥቅሙን በአንድ ነጋዴ በኩል እንየው። የሃምቡርግ አስመጪ ፓውንዱን በ3 ዶላር ሒሳብ 17 ቶን ቡና ገዝቶ መርከብ ላይ አስጭኗል እንበል። ቡናው ደርሶ እስኪሸጥ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ዋጋውም እስከዚያ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን አንድ የፊውቸርስ ውል በ3 ዶላር ይሸጣል። ዋጋው ወደ 2 ዶላር ከ70 ቢወርድ በእጁ ያለው ቡና 11,250 ዶላር ያከስረዋል፤ የሸጠውን ውል በርካሽ መልሶ ሲገዛ ግን ያንኑ 11,250 ዶላር ያገኛል። ዋጋው ቢወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቡናው ያተርፋል፣ በውሉ ይከስራል። ሰውየው የገዛው ትርፍ ሳይሆን እንቅልፍ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የውሉ ዋጋና የእውነተኛው ቡና ዋጋ አብረው ከሄዱ ነው። ሁለቱ ቢለያዩ የአስመጪው መከላከያ ዋጋ የለውም። ታዲያ ምን አያይዟቸው ነው? ቀጠሮው። የመረከቢያው ቀን ሲደርስ ውሉ ከእጅ በእጅ ገበያው ከተወደደ ቡናውን ከገበያ ገዝቶ በውሉ የሚያስረክብ ነጋዴ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ውሉ ከረከሰ ደግሞ በውሉ ተረክቦ ገበያ ላይ የሚሸጠው ያተርፋል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸው ብቻ ሁለቱን ዋጋዎች ቀኑ በተጠጋ ቁጥር እያቀራረበ ይሄዳል።

ቀጠሮ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ዓለም በግልጽ ያየው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ነበር። የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግንቦት ውል ሊያበቃ አንድ ቀን ቀርቶታል። ውሉን የያዘ ሰው አንድ ሺህ በርሜል ነዳጅ ኩሺንግ በምትባል የኦክላሆማ ከተማ መረከብ አለበት። ኮሮና መኪናውንም አውሮፕላኑንም አቁሞ ስለነበር ባዶ ማጠራቀሚያ አልተገኘም። ውሉን በወረቀት ብቻ ይገበያዩ የነበሩ ሰዎች ነዳጁን የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከውሉ ለመውጣት ገንዘብ ጨምረው መስጠት ጀመሩ። ቀኑ ሲዘጋ የአንድ በርሜል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነበር።

አሁን ቀጠሮው ራሱ ቢነሳስ? ማብቂያ የሌለው ውል ይቻላል?

ጥያቄውን በሥርዓት ካነሱት መካከል በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኢኮኖሚስት ሮበርት ሺለር ይገኙበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያሳሰባቸው እንደ ቤት ዋጋ ያሉ፣ በመጋዘን ተቆጥረው ሊረከቡ የማይችሉ ነገሮች ጉዳይ ነበር። ያቀረቡት ሐሳብ ውሉ ማብቂያ እንዳይኖረው፣ በምትኩ ግን በየጊዜው ከአንዱ ተዋዋይ ወደ ሌላው ክፍያ እንዲሻገር የሚል ነው። ሐሳቡ ሥር የሰደደው እሳቸው ባሰቡት የቤት ገበያ ሳይሆን በቢትኮይን ነው። በግንቦት 2016 ቢትሜክስ የተባለው የገበያ መድረክ XBTUSD የሚል ስም ያለው ማብቂያ የለሽ ውል አወጣ። ተገበያዮች በየሦስት ወሩ ያለቀውን ውል ዘግተው አዲስ ከመክፈት ተገላገሉ። ዛሬ ፐርፔቹዋል ወይም በአጭሩ «ፐርፕ» የሚባለው ይህ ዓይነቱ ውል በክሪፕቶ ገበያ ከባለ ቀጠሮዎቹ ውሎች እጅግ ይበልጣል።

ቀጠሮው ሲነሳ ዋጋውን ከእውነተኛው ገበያ ጋር ያሰረው ገመድም አብሮ ይነሳል። በቦታው የገባው ገመድ ፈንዲንግ ሬት ይባላል። የፐርፕ ገበያ ያለበትን ስልክ የከፈተ ሰው ከዋጋው አጠገብ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ያያል፤ አንዱ 0.0100% የመሰለ መቶኛ፣ ሌላው ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ክፍያ ይሻገራል። በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ለዋና ዋናዎቹ ውሎች የተለመደው በየስምንት ሰዓቱ ነው፤ ለምሳሌ በባይናንስ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ሲቆጠር ከሌሊቱ 9፣ ከረፋዱ 5 እና ከምሽቱ 1 ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ውል ያልያዘ አይከፍልም፣ አይከፈለውምም።

ሕጉ ቀላል ነው። ፐርፑ ከእጅ በእጅ ገበያው ከተወደደ መቶኛው ከዜሮ በላይ ይሆናል፤ ገዝተው የያዙት ለሸጡት ይከፍላሉ። ከረከሰ መቶኛው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሸጡት ለገዙት ይከፍላሉ። መድረኩ በመሃል አሻጋሪ እንጂ ተቀባይ አይደለም።

ስሌቱን በቁጥር እናስኪደው። ቢትኮይን በእጅ በእጅ ገበያ 60,000 ዶላር፣ ፐርፑ ደግሞ በአማካይ 60,180 ዶላር ነው እንበል። ብልጫው 0.30 በመቶ ነው። በተለመደው ቀመር ብልጫው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ክፍያው በ0.01 በመቶ ላይ ይቆያል፤ ይህ በዶላርና በቢትኮይን ወለድ መካከል ላለው ልዩነት የተተመነ ነው። ብልጫው ከፍ ሲል ግን ከብልጫው ላይ 0.05 በመቶ ተቀንሶ የቀረው ሁሉ ክፍያ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ 0.25 በመቶ ማለት ነው። አንድ ቢትኮይን በውል ገዝቶ የያዘ ሰው 150 ዶላር ይከፍላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ 450 ዶላር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው የሚሰላው በውሉ ሙሉ ዋጋ እንጂ ሰውየው ባስያዘው ገንዘብ አይደለም። በፐርፕ ገበያ 60,000 ዶላር የሚያወጣ ውል በ6,000 ዶላር ማስያዣ መክፈት የተለመደ ነው፤ አሥር እጥፍ ሌቨሬጅ የሚሉት ይህን ነው። ከ6,000 ላይ በቀን 450 ሲሄድ በአራት ቀን 1,800 ዶላር፣ ከማስያዣው ሠላሳ በመቶ፣ ዋጋው ሳይነቃነቅ ያልቃል። መዘዙም በዚያ አያበቃም። መጀመሪያ ላይ ማስያዣው የሚያልቀው ቢትኮይን አሥር በመቶ ገደማ ሲወርድ ነበር፤ አሁን 4,200 ዶላር ብቻ ስለቀረ ሰባት በመቶ መውረድ ይበቃዋል። ማስያዣው ሊያልቅ ሲል ደግሞ መድረኩ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ውሉን ይዘጋዋል። «ዋጋው ይወጣል» ብሎ በትክክል የገመተ ሰው፣ ዋጋው ከመውጣቱ በፊት በፈንዲንግ ተዳክሞ በትንሽ ውድቀት ከገበያው ሊወጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ከፍተኛ ክፍያ ግን ብዙ አይቆይም፤ ገመዱ የሚሠራውም ለዚህ ነው። 150 ዶላሩን ያየ ነጋዴ አንድ እውነተኛ ቢትኮይን ከእጅ በእጅ ገበያ ይገዛል፣ በዚያው ደቂቃ አንድ ፐርፕ ይሸጣል። ቢትኮይን ቢወጣም ቢወርድም አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላል፤ በየስምንት ሰዓቱ የሚገባው ክፍያ ግን የእሱ ነው። ይህን የሚያደርጉት ሲበዙ ፐርፑ በሽያጭ ብዛት ይወርዳል፣ የእጅ በእጁ በግዢ ብዛት ይወጣል፣ ብልጫውም ይጠባል። መግዛት ለሚፈልገውም ክፍያው ስለሚከብደው የተወሰነው ሰው ውሉን ዘግቶ ይወጣል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተሳበ ገመድ የታየው በመስከረም 2022 ነው። የኤቴሬም መረብ አሠራሩን ሊቀይር ቀን ተቆርጦ ነበር፤ በለውጡ ያልተስማሙ ወገኖች አሮጌውን አሠራር ይዘው ስለሚገነጠሉ፣ በዕለቱ ኤቴሬም በእጁ ያለው ሁሉ አዲስ ሳንቲም በነፃ እንደሚያገኝ ተጠበቀ። ነፃውን ሳንቲም ለማግኘት ኤቴሬም መግዛት ያስፈልጋል፤ የዋጋ ውድቀት የፈራ ደግሞ ጎን ለጎን ፐርፕ ይሸጣል። ሁሉም ያንኑ ስላደረገ ፐርፑ ከእውነተኛው ኤቴሬም በታች ወረደ፣ ፈንዲንግም ከዜሮ በታች በጥልቅ ገባ። ሻጮቹ ለሚጠብቁት ስጦታ በየስምንት ሰዓቱ ኪራይ ይከፍሉ ነበር ማለት ይቻላል። መስከረም 15 ቀን ለውጡ ተከናወነ፤ ምክንያቱ ሲያልቅ ክፍያውም ወደ ወትሮው ተመለሰ።

ፈንዲንግ የሚያስተካክለው ግን ቀስ ብሎ የሚፈጠረውን ልዩነት ነው። ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሲናድ ስምንት ሰዓት ሩቅ ነው። በጥቅምት 10 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በቻይና ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ የመቶ በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ ካስታወቁ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ የክሪፕቶ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተደረመሰ። በግዳጅ የተዘጉት ውሎች በአንድ ቀን ውስጥ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበሩ። በፐርፕ ውስጥ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ከሚከስረው ላይ ስለሆነ፣ የከሳሪው ማስያዣ ተሟጦ የመድረኩ መጠባበቂያ ካልበቃ የአትራፊውም ውል በመድረኩ ይዘጋል። በዚያ ሌሊት ፐርፕ ሸጠው እያተረፉ ከነበሩት ብዙዎች ይህ ደረሰባቸው። ከእነሱ መካከል በአንድ እጃቸው እውነተኛ ሳንቲም፣ በሌላው የሸጡት ፐርፕ ይዘው ፈንዲንግ ሲሰበስቡ የነበሩት፣ ሽያጩ ተዘግቶባቸው በመውደቅ ላይ ያለውን ሳንቲም ብቻ ታቅፈው አደሩ።