ተረኛው መቼ ይቀስቀስ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ አንድ ሰርቨር ከአቅሙ 90 በመቶውን እየተጠቀመ ነው ይላል። ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ በእንቅልፍ ዓይን የይለፍ ቃሌን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ገባሁ። ክፍያዎች እንደ ወትሮው ይስተናገዳሉ፤ የተበላሸ ነገር የለም። ሰርቨሩን ያጨናነቀው ሌሊት ሌሊት የሚሠራው የሒሳብ ማጠቃለያ ነበር፤ እሱ ደግሞ የተገዛበት ሥራ ነው። ማንቂያውን ዘግቼ ጋደም አልኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሌላ መጣ፤ አሥር ሰዓት ላይም ሌላ።

በዚያው ሳምንት በአንዱ ሌሊት ከመጡት መልእክቶች አንዱ እውነተኛ ነበር። ደንበኞች ለ40 ደቂቃ ገንዘብ መላክ አቅቷቸው ነበር። እኔ ግን ያንን መልእክት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሳላነበው በአውራ ጣቴ ገፍቼ አጥፍቼዋለሁ። ጠዋት ላይ የመዝገቡን ሰዓት ሳይ የተሰማኝን አልረሳውም።

በክላውድ ላይ የሚሠሩ አገልግሎቶችን የምንጠብቅ ሰዎች ይህን የማንቂያ ድካም እንለዋለን። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶችም ያውቁታል፤ ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ መሣሪያ ሲቆይ ከግድግዳው ድምፅ አይለይም። ነገሩ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሃያ ጊዜ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው ሃያ አንደኛውን ማመን ያቆማል። ስህተቱ ያለው ማንቂያው የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። የእኛ ማንቂያ ሰርቨሩን «በዝቶብሃል ወይ?» ይለው ነበር እንጂ «ደንበኛው ተጎድቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ የሚሰጠው አሠራር በስፋት የታወቀው በጉግል በኩል ነው። ቤን ትሬነር ስሎስ የተባለ መሐንዲስ በ2003 እ.ኤ.አ. በኩባንያው ውስጥ የአገልግሎት አስተማማኝነትን የሚከታተል ቡድን መሠረተ፤ ቡድኑ የደረሰበትን ልምድም ኩባንያው በ2016 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በመጻሕፍት አሳተመ። የአሠራሩ መነሻ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው፦ አገልግሎትህ ምን ያህል ቢበላሽ ይፈቀዳል? ይህን አስቀድመህ ወስን ይላል።

አንድ የክፍያ አገልግሎት እንውሰድ። በ30 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ጥያቄ ያስተናግዳል እንበል። በመጀመሪያ «ደህና የተስተናገደ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንስማማለን፦ ያለ ስህተት፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተመለሰ ጥያቄ። ልኬቱን ከሰርቨሩ አፍ ባንወስደው ይመረጣል፤ የሞተ ሰርቨር ስለ ሞቱ አይናገርምና። ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው በር ላይ ብንቆጥር ደንበኛው ወዳየው ነገር እንቀርባለን። ከዚያ ግብ እናስቀምጣለን፦ ከመቶ 99.9 የሚሆነው ደህና ይስተናገድ። ይህ የአገልግሎት ደረጃ ግብ ይባላል፤ በሙያው ቋንቋ ኤስ ኤል ኦ ነው። የቀረው 0.1 በመቶ፣ ማለትም 10 ሺህ ጥያቄ፣ የስህተት በጀት ነው። እንደ ወር አስቤዛ ቁጠሩት። ለ30 ቀን እንዲበቃ የተሰፈረ ነው፤ መብላቱ ነውር የለበትም፤ በሳምንት ማለቁ ግን ችግር ነው።

ለምን መቶ በመቶ አይሆንም? ገንዘብ ላኪው ሰውዬ የስልኩ ኔትወርክ በወር ውስጥ ከዚህ በላይ ይቆራረጥበታል፤ ከዚያ በላይ ብንደክም ልዩነቱን አያየውም። ሌላም ምክንያት አለ። 99.9 በመቶ በጊዜ ሲሰላ አገልግሎቱ በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል ቢቋረጥ ይፈቅዳል። 99.99 ግን የሚፈቅደው 4 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እኔ ያን ሌሊት ከአልጋ ተነስቼ የይለፍ ቃሌን እስካስገባ ድረስ ያ ጊዜ አልቆ ነበር። እንዲህ ያለ ግብ የሚያስቀምጥ ድርጅት ጥገናውን በተረኛ ሰው ላይ ሊጥል አይችልም፤ ራሱን በራሱ የሚጠግን ሲስተም መሥራት አለበት። ይህን ሳያሰላ አራት ዘጠኝ የሚጽፍ አለቃ የተረኞቹን እንቅልፍ በወረቀት ላይ እየሸጠ ነው።

ማንቂያው የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው። ከእንግዲህ የምንጠይቀው አስቤዛው በምን ፍጥነት እየተበላ እንደሆነ ነው። 30 ቀን 720 ሰዓት ነው። በጀቱ በእኩል ቢበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 የሚሆኑ ጥያቄዎች ይበላሻሉ፤ ይህ የተፈቀደው እርምጃ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 200 ከተበላሹ ግን የወሩ በጀት 2 በመቶ በአንድ ሰዓት ሄዷል ማለት ነው፤ ፍጥነቱ ከተፈቀደው 14.4 እጥፍ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ የወሩ አስቤዛ በሁለት ቀን ያልቃል። ያኔ ስልኩ ይጩኽ። በስድስት ሰዓት ውስጥ 500 ከተበላሸም፣ ማለትም 5 በመቶ ከተበላ፣ ይጩኽ። በሦስት ቀን ውስጥ 1000 ከሄደ ግን ማንንም ከእንቅልፍ መቀስቀስ አያስፈልግም፤ በሥራ ሰዓት የሚታይ ቲኬት ይከፈታል። እነዚህ ቁጥሮች ጉግል ለመነሻ የሚመክራቸው ናቸው። በተግባር ሲስተሙ የሚያወዳድረው የተበላሹትን ብዛት ሳይሆን ከጠቅላላው ያላቸውን ድርሻ ነው፤ ሌሊት ጥያቄው ስለሚሳሳ። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ይህን በሦስት ሌሊት እንፈትነው። በመጀመሪያው ሌሊት አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። በደቂቃ 231 ጥያቄ ይመጣ ስለነበር 200ው የሞላው በ52 ሰከንድ ነው፤ ተረኛው ደቂቃ ሳይሞላ ተጠራ። በሁለተኛው ሌሊት አንድ አዲስ ለውጥ ከሺህ ጥያቄ ሁለቱን ማበላሸት ጀመረ። በሰዓት 28 ያህል ነው፤ ማንም አልተቀሰቀሰም። ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ግን ቁጥሩ 1000 ደረሰና ቲኬት ተከፈተ፤ መሐንዲሱ ቡናውን ጠጥቶ፣ አእምሮው ነቅቶ ይመረምረዋል። ችላ ቢባል በጀቱ በ15 ቀን ያልቅ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሰርቨሩ 90 በመቶ ደረሰ፤ የተበላሸ ጥያቄ ዜሮ። ተረኛው ተኝቷል።

አንዲት ትንሽ ብልሃት ሳልጠቅስ አላልፍም። አገልግሎቱ ከተጠገነ በኋላም ያለፈው አንድ ሰዓት ድምር ከ200 በላይ ሆኖ ስለሚቆይ ደወሉ ለተጨማሪ አንድ ሰዓት ገደማ መጮኹን ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት መስኮት ይታያል፦ ያለፈው አንድ ሰዓትና ያለፈው አምስት ደቂቃ። ሁለቱም ከመጠን በላይ ካልሆኑ ደወሉ ዝም ይላል። ረጅሙ መስኮት ጉዳቱ እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ አጭሩ ደግሞ አሁንም እየደረሰ መሆኑን።

በጀቱ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ይህ ከቴክኒኩ በላይ የስምምነት ጉዳይ ነው። ጉግል በመጽሐፉ እንደገለጸው ካጋጠሙት መቋረጦች 70 በመቶ ያህሉ የሚመጡት በሚሠራ ሲስተም ላይ ከሚደረግ ለውጥ ነው። ስለዚህ ባለፉት አራት ሳምንታት በጀቱን የጨረሰ ቡድን አዲስ ነገር መልቀቁን ያቆማል፤ የሚፈቀዱለት አጣዳፊ ጥገናዎችና የደኅንነት ማስተካከያዎች ብቻ ናቸው፤ አገልግሎቱ ወደ ግቡ እስኪመለስ ድረስ። አንድ አደጋ ብቻውን ከበጀቱ ከ20 በመቶ በላይ ከበላም መንስኤው በጽሑፍ ይመረመራል። የእኛ የ40 ደቂቃ መቋረጥ በዚህ ሚዛን ቢለካ 93 በመቶውን ይበላ ነበር። እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለ ግን ቁጥሩ የግድግዳ ጌጥ ነው። አስቤዛው አልቆም ድግሱ የሚቀጥልበት ቤት አይቻለሁ፤ እዚያ ቤት ከፋዩ ተረኛው ነው።

አሠራሩ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። በሰዓት አሥር ጥያቄ ብቻ የሚመጣበት አገልግሎት በወር 7200 ጥያቄ ያስተናግዳል፤ በጀቱ ሰባት ስህተት ነው። አንዷ ጥያቄ ስትበላሽ የሰዓቱ ስህተት 10 በመቶ ስለሚሆን ስልኩ ወዲያው ይጮኻል፤ ድካሙ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ትናንሽ አገልግሎቶችን በአንድ መለካት ወይም ግቡን ማላላት ያሻል። ሌላው ጉድለት ከድምሩ ጀርባ የሚደበቅ ሰው ነው። ከጥያቄዎቹ 0.05 በመቶ ብቻ የሚልክ አንድ ደንበኛ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋበት ድምሩ 99.95 ይላል፤ ግቡ ተሟልቷል፤ ያ ደንበኛ ግን ሥራ ፈቷል። ዋና ዋና ደንበኞችን ለየብቻ መለካት ይህን ያሳያል። ሊሞላ የተቃረበ ዲስክና ጊዜው ሊያልፍ ያለ የደኅንነት ሰርተፊኬት ደግሞ ደንበኛውን እስኪጎዱ ድረስ በጀት አይነኩም። እነሱን ቀድሞ የሚጠቁም ማንቂያ መኖር አለበት፤ ቦታው ግን ቲኬት ነው።

ከግቡ በላይ መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። ጉግል ውስጥ ቸቢ የሚባል፣ ሌሎች ሲስተሞች የሚደገፉበት አገልግሎት አለ። ከመጠን በላይ አስተማማኝ ከመሆኑ የተነሳ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ቡድኖች ፈጽሞ አይወድቅም ብለው መሥራት ጀመሩ፤ አልፎ አልፎ ሲወድቅም ይዟቸው ወደቀ። መፍትሔው በሩብ ዓመቱ ከግቡ በታች ካልወረደ ሆን ተብሎ እንዲቋረጥ ማድረግ ሆነ። ተደጋፊዎቹ መጠባበቂያ እንዲያዘጋጁ የተገደዱት በዚህ መንገድ ነው።

በሥራ ቦታዬ የሰርቨር መጨናነቅ ማንቂያውን እናጥፋ ስል በልምድ የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ አጥፍተነው አንድ ቀን ጉድ ቢፈላስ?» አለኝ። ፍርሃቱ ልክ ነበር፤ እኔም አንዱን እውነተኛ መልእክት ያጠፋሁ ሰው ነኝና። ስለዚህ አላጠፋነውም። የድሮዎቹን ማንቂያዎች ድምፅ ወደሌለው የመልእክት ሳጥን አዛወርናቸው፤ ስልክ የሚያስጮኸው በበጀቱ ፍጥነት የሚሠራው ብቻ ሆነ፤ ለአንድ ወር ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬድናቸው። በወሩ መጨረሻ አብረን ቁጭ ብለን ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ በእያንዳንዱ መልእክት ሰዓት የተበላሸ ጥያቄ ነበር ወይ እያልን። ደንበኛ ተጎድቶ አዲሱ ማንቂያ ዝም ያለበት ሰዓት አላገኘንም። ባልደረባዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸና የመጀመሪያውን ማንቂያ ራሱ ሰረዘው።