«አንድ ጨምርለትና ዝም ይላል»

ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ባር ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ ይህ ነው፤ የሰከረ ሰው ሲረብሽ አንድ ጨምርለት፣ ይረጋጋል። አይረጋጋም። የጠጣው ገና ሙሉ በሙሉ ደሙ ውስጥ አልገባምና መቅዳቱ ቢቆም እንኳ ስካሩ ለተወሰነ ጊዜ ይጨምራል። ከዚያም በላይ በእንግሊዝ የ2003ቱ የመጠጥ ፈቃድ ሕግ፣ አንቀጽ 141፣ መስከሩን እያወቁ ለሰው አልኮል መሸጥን ወንጀል ያደርጋል። ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ሲሆን የሸጠውን አስተናጋጅ ራሱን ይነካል። ለሰከረ ጓደኛው አውቆ የሚገዛለትም ጥፋተኛ ነው።

«ቡና ስጡት» የሚሉም አሉ። ቡና እንቅልፉን ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን አያወጣም። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው በግምት አንድ 25 ሚሊ ሊትር መለኪያ ውስኪ ያህል ነው፤ አንድ ፓይንት ቢራ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

በጣም የሚጎዳው ግን «ጠንከር ያለ ልጅ አንገቱን ይዞ ያውጣው» የሚለው ነው። አርብ ማታ አንድ ጎልማሳ የሁለት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ አልሄድም አለ እንበል። ሰው እያየ ከተጮኸበት ክብሩን ለማስመለስ ይጮኻል። ስለዚህ መጀመሪያ ለባልደረቦች እንዳይቀዱለት በቀስታ ይነገራል። ከዚያ አንዷ አስተናጋጅ ሴቶቹን ሌላ ጠረጴዛ ትጋብዛለች፤ ባዶ ብርጭቆና ጠርሙስም ታነሳለች። ሁለተኛው አስተናጋጅ ሰውየውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከክንድ ርቀት በላይ ቆሞ፣ እጁን ክፍት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነጋግረዋል። እንግዳው የኛ ሰው ከሆነ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ወደዚህ ይምጡ» ማለት ከማስጠንቀቂያ ይበልጣል፤ ከተመልካች ያርቀዋልና። «ዛሬ ከዚህ በላይ አልቀዳልዎትም፤ ውሃ ላምጣ ወይስ ታክሲ ልጥራ?» ይባላል። ውሳኔው ለድርድር አይቀርብም፤ አወጣጡ ግን የሱ ምርጫ ይሆናል። አብሮት የመጣ ጓደኛ ካለ እሱን ማሳተፍ ከሁሉ ይቀላል።

ይውጡ ተብሎ እምቢ ካለ አንቀጽ 143 እሱኑ ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ ፖሊስም ሲጠየቅ ለማስወጣት የመርዳት ግዴታ አለበት። ዛቻ ወይም ድብድብ ካለ 999 ይደወላል፤ መጎተት ውስጥ አይገባም። መኪና ሊነዳ ሲሄድም እንዲሁ ይደወላል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ይታይ፦ መንገዳገድና መንተባተብ ሁልጊዜ ስካር አይደለም። የደም ስኳር የወረደበት የስኳር ሕመምተኛ ወይም ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም እንዲሁ ይሆናል፤ አፉ አልኮል መሽተቱ ይህን አያስቀርም። ቀስቅሰውት የማይነቃ፣ አተነፋፈሱ የዘገየ ወይም የሚያስመልሰው እንግዳ ደጅ አይተውም። አምቡላንስ ይጠራለታል፤ የሚተነፍስ ከሆነም በጎኑ ይጋደማል።

ሲያበቃ ሰዓቱ፣ የተባለውና የተደረገው መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሰውየው ዳግም ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው በዚያች ሌሊት አይወሰንም፤ ባለቤቱ በማግስቱ መዝገቡን አይቶ ይወስናል።